ለመጀመሪያው ክፍያ፦ የባንክ ሒሳብ፣ የግብር ምዝገባና የፈራሚ ማረጋገጫ እንድትልኩልን

ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ አስቴር፣

ባለፈው ሳምንት ወርክሾፑን ጊዜ ወስደው ስላሳዩን አሁንም አመሰግናለሁ። የላካችሁልን ናሙና ዴስክ ቢሮዬ በር ላይ ነው ያለው፤ በእረፍት ሰዓት ልጆቹ እየመጡ ይቀመጡበታል፣ አንዷ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ እግሯ መሬት እንደሚደርስላት ለአስተማሪዋ ስትነግራት ሰምቻለሁ። ስለ ዕቃው ምንም ጥያቄ የለኝም። ይህን ኢሜይል የምጽፈው ስለ ክፍያው ነው።

በውሉ መሠረት 60 ዴስክ፣ አንዱ በ6,200 ብር፣ በጠቅላላ 372,000 ብር ነው። 15 ከመቶ ቫት ሲጨመርበት 427,800 ብር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 40 ከመቶው፣ ማለትም 171,120 ብር፣ ቅድሚያ ክፍያ ነው። እንጨቱንና ብረቱን የምትገዙበት ገንዘብ ይህ እንደሆነ ነግረውኛል፤ ስለዚህ ቢዘገይ ሥራው እንደሚዘገይ ይገባኛል። እኛም ዴስኮቹ ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት እንዲደርሱልን እንፈልጋለን። ግን እናንተ ለእኛ አዲስ አቅራቢ ስለሆናችሁ፣ ሦስት ነገሮች ሳይሟሉ የክፍያ ማዘዣውን ለፊርማ ማቅረብ አልችልም። ሦስቱንም በደንብ ላስረዳ፣ ምክንያቱም በላካችኋቸው ወረቀቶች ላይ ያየኋቸው ክፍተቶች አሉ።

መጀመሪያ የባንክ ሒሳቡ። ፕሮፎርማው ግርጌ ላይ የተጻፈው ሒሳብ በእርስዎ በግል ስም ነው። ከዚያ ደግሞ ማክሰኞ ዕለት የሽያጭ ሠራተኛችሁ በቴሌግራም ሌላ ባንክ፣ ሌላ ቁጥር ላከልኝ፤ እሱ ላይ ጭራሽ የሒሳቡ ባለቤት ስም የለም። ሁለቱም የእናንተው ሊሆኑ ይችላሉ፣ ይህን አልጠራጠርም። ነገር ግን ውል የተዋዋልነው ከድርጅቱ ጋር ነው፣ ደረሰኝ የሚቆርጥልንም ድርጅቱ ነው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከባለቤቶቹ የተለየ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት አለው። ገንዘቡ በግለሰብ ስም ከገባ፣ ነገ ኦዲተር ሲመጣ ለድርጅቱ ከፈልን ብለን ማሳየት አንችልም፤ እናንተም ዘንድ ሌላ ባለድርሻ ቢጠይቅ ለእርስዎ ራሱ ጣጣ ነው።

ስለዚህ የምፈልገው ከባንካችሁ የሚጻፍ የማረጋገጫ ደብዳቤ ነው። የባንኩ አርማ፣ ማኅተምና ፊርማ ያለበት፣ የሒሳቡን ባለቤት ስም፣ ሙሉ የሒሳብ ቁጥሩንና ቅርንጫፉን የሚገልጽ ይሁን። ስሙ ንግድ ፈቃዱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት፣ «ኃ.የተ.የግ.ማ.» የሚለው ጭምር። ደብዳቤው ቅርብ ጊዜ የተጻፈ እንዲሆን ያስፈልጋል፤ ከሦስት ወር በላይ የቆየ ከሆነ አዲስ ያስጽፉልኝ። የቼክ ደብተር ፎቶ ወይም የሞባይል ባንኪንግ ስክሪንሾት አይበቃኝም። ድርጅቱ በስሙ ሒሳብ ከሌለው ደግሞ አሁኑኑ ይንገሩኝ፤ ሒሳቡ እስኪከፈት እንጠብቃለን እንጂ በግል ስም አንከፍልም። እዚህ ላይ ማለፊያ መንገድ የለም።

ሁለተኛው የግብር ጉዳይ ነው። የድርጅቱ ማኅተም ላይ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር 10 አሃዝ ነው፣ ትክክል ነው። ፕሮፎርማው ላይ ግን 9 አሃዝ ብቻ ተጽፏል፤ ሲተየብ አንድ ዜሮ የተዘለለች ይመስለኛል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን የቆረጥነውን ቅድመ ግብር ለገቢዎች የምናሳውቀው በዚህ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ከተሳሳተ የተቆረጠው ገንዘብ በእናንተ ስም አይያዝም፣ በዓመቱ መጨረሻ ግብራችሁን ስታሳውቁም ማቀናነስ አትችሉም። ትክክለኛ ቁጥር ያልቀረበበት ግዢ ሲሆን ደግሞ ሕጉ 30 ከመቶ ቆርጠን እንድናስቀር ያዘናል። በጠቅላላው ውል ሲሰላ 111,600 ብር ነው። ያን ያህል ገንዘብ በአንድ አሃዝ ምክንያት እጃችሁ ሳይገባ እንዲቀር በፍጹም አልፈልግም። ስለዚህ የግብር ከፋይ ምዝገባ ሰርተፊኬቱን ኮፒና ቁጥሩ የተስተካከለበት አዲስ ፕሮፎርማ ይላኩልኝ።

ከእሱ ጋር የቫት ምዝገባ ሰርተፊኬቱም ያስፈልጋል። ፕሮፎርማው ላይ ቫት ጠይቃችኋል፣ ሰርተፊኬቱ ግን አብሮ አልተላከም። ለቫት ያልተመዘገበ ድርጅት ቫት ማስከፈል ስለማይችል፣ ሰርተፊኬቱን ሳላይ 55,800 ብሩን ክፍያው ውስጥ ማስገባት አልችልም። ገና ካልተመዘገባችሁ ችግር የለውም፣ ዋጋውን ያለ ቫት አድርገን ውሉን እናስተካክላለን፤ ብቻ ቀድሜ ልወቀው። ንግድ ፈቃዱም የዘንድሮው የታደሰ መሆን አለበት፤ የላካችሁልኝ ያለፈው ዓመት ነው። የሥራ ዘርፉ የቤትና የቢሮ ዕቃ ማምረትን የሚሸፍን መሆኑንም አያለሁ፣ ምክንያቱም እዚህ ያለው ኦዲተር መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ሦስተኛው ፈራሚው ነው፣ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ውሉ ላይ ማኅተሙ አለ፤ ፊርማው ግን «ስለ ሥራ አስኪያጅ» ተብሎ በወንድምዎ በአቶ ሚካኤል ነው የተፈረመው። አቶ ሚካኤልን ወርክሾፑ ላይ አግኝቻቸዋለሁ፣ ሥራውን ከእርስዎ እኩል እንደሚያውቁት አይቻለሁ። ይሁን እንጂ በላካችሁልኝ የመመሥረቻ ጽሑፍ ላይ ሥራ አስኪያጅ ተብለው የተሰየሙት እርስዎ ብቻ ነዎት። ነገ በመካከላችን አንድ አለመግባባት ቢፈጠር፣ ውሉን የፈረመው ሰው ድርጅቱን ማስገደድ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ይነሳል። ያኔ ከምንከራከር ዛሬ ብናስተካክለው ይሻላል።

ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ እርስዎ ራስዎ ውሉን እንደገና መፈረም ነው፤ ሁለት ቅጂ አትሜ በሾፌራችን እልካለሁ። ሌላው አቶ ሚካኤል እንዲፈርሙ ከፈለጋችሁ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ የተረጋገጠ ውክልና ማቅረብ ነው፤ ውክልናው ላይ ውል መዋዋልና ገንዘብ መቀበል የሚሉት ሥልጣኖች በግልጽ መጻፍ አለባቸው። «ማናቸውንም ጉዳይ እንዲፈጽምልኝ» የሚል ጠቅላላ አነጋገር ብቻ ከሆነ የሕግ አማካሪያችን እንደማይቀበለው ከወዲሁ ልንገርዎ።

በየትኛውም መንገድ ቢሆን፣ በድርጅቱ ደብዳቤ ላይ ማኅተም አድርገው አንዲት አጭር ማረጋገጫ ይጻፉልኝ፦ ውል የሚፈርመው ማን ነው፣ ደረሰኝና የዕቃ ማስረከቢያ ላይ የሚፈርመው ማን ነው፣ የባንክ ሒሳብ እንዲቀየር መጠየቅ የሚችለውስ ማን ነው። ከየስማቸው ጎን የናሙና ፊርማ ይኑር። የፈራሚዎቹን የፋይዳ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ኮፒ አያይዙ። ኮፒው ላይ «ለዚህ ውል ብቻ» ብለው ቢጽፉበት ደስ ይለኛል፣ ለእናንተም ጥበቃ ነው።

ይህን ሁሉ ስጠይቅ ሰው የማላምን እንዳይመስልዎ። ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ መሥሪያ ቤት እያለሁ፣ ኮምፒውተር ከሚያቀርብልን ድርጅት ኢሜይል መጣ፣ የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል የሚል። በምንጻጻፍበት በዚያው ርዕስ ሥር ነው የመጣው፣ አርማቸውም ማኅተማቸውም ነበረበት። አድራሻው ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ነበር የተለወጠችው፣ እኔም አላየኋትም። ክፍያውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አቅራቢው ደውሎ ገንዘቤ የት አለ ሲለኝ፣ ባንክ ሄደን ብንጠይቅ ብሩ በገባ በማግሥቱ ወጥቶ አልቋል። ያ ሰው ሠራተኞቹን ደመወዝ ለመክፈል ተበድሮ ነበር። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለዚህ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ወረቀቶቹ ሲደርሱኝ በኢሜይል ላይ ባለው ስልክ አልደውልም። ወርክሾፑ ላይ በእጅዎ በሰጡኝ ካርድ ላይ ባለው ስልክ እደውልና እርስዎን አግኝቼ የሒሳብ ቁጥሩን እንዲያነቡልኝ እጠይቃለሁ፤ እኔ አላነብልዎትም፣ እርስዎ ነዎት የሚያነቡልኝ። ከዚያ 100 ብር ቀድመን እንልካለን። መድረሱን በድጋሚ በስልክ ካረጋገጡልኝ በኋላ ቀሪውን እንለቃለን። ወደፊትም ሒሳብ ብትቀይሩ አዲስ የባንክ ደብዳቤና የእርስዎ ፊርማ ያለበት ማመልከቻ ካልመጣ፣ ስልክም ደውዬ ካላረጋገጥኩ፣ በአሮጌው ላይ ነው የምንከፍለው።

እናንተም በእኛ በኩል እንዲሁ ተጠንቀቁ። ከእኛ ማንም ሰው የይለፍ ቃል፣ የባንክ ፒን ወይም በስልካችሁ የሚመጣ የማረጋገጫ ኮድ አይጠይቃችሁም። ክፍያው እንዲፋጠን ብላችሁ ለማንም ምንም ገንዘብ አትስጡ፤ እንዲህ ያለ ሰው በስሜም ቢሆን ከደወለላችሁ ወዲያው ንገሩኝ።

አሁን ስለ ጊዜው። ክፍያ የምንፈርመው ሐሙስ ሐሙስ ነው። ከገና በፊት ያለችን አንድ ሐሙስ ብቻ ናት፤ እሷ ካለፈች በዓሉ መጥቶ ወደ ጥር ይሻገርብናል። እንዲደርስላችሁ ከፈለጋችሁ ሁሉም ነገር እስከ ሰኞ ከሰዓት በኋላ በእጄ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ማክሰኞና ረቡዕ ለማጣራትና ለመደወል ያስፈልጉኛል። የባንክ ደብዳቤው ነው ጊዜ ሊወስድ የሚችለው፤ ስለዚህ ሌላውን ሳይጠብቁ ነገ ጠዋት ቅርንጫፉ ሄደው ቢጠይቁ መልካም ነው።

ሰነዶቹን ስካን አድርጋችሁ በፒዲኤፍ ለዚሁ ኢሜይል መልስ አድርጋችሁ ላኩልኝ። ስካነር ከሌላችሁ ጥርት ያለ ፎቶ ለጊዜው እቀበላለሁ፣ ማኅተሙ ይነበብ ብቻ። የባንክ ደብዳቤውንና የፈራሚዎቹን ማረጋገጫ ግን ዋናውን ነው የምፈልገው፤ ሾፌራችን ሰኞ ጠዋት ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ስለሚመጣ ውሉን ይዞላችሁ ይመጣና እነሱን ይቀበላል። በቴሌግራም ስለ ሰዓትና ስለ ዕቃው ብንጻጻፍ ደስ ይለኛል፣ የባንክ ቁጥር ግን በዚያ እንዳትልኩልኝ አደራ።

ያልገባዎት ነገር ካለ፣ ወይም ከጠየቅኩት ውስጥ የሌላችሁ ወረቀት ካለ፣ ሳያፍሩ ይደውሉልኝ። አብዛኛው ነገር በአንድ ስልክ የሚፈታ ነው። ነገ ሙሉ ቀን ቢሮ ነኝ፤ ከምሳ በፊት የትኛው ሰነድ ዝግጁ እንደሆነና የትኛው እንደሚቀር ቢነግሩኝ እኔም በዚያ ልክ እዘጋጃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሰላማዊት
የትምህርት ቤቱ ፋይናንስ ክፍል፣ አዳማ