ለጫማ ፋብሪካ የቀረበ አቤቱታ፦ በሌሊት ስለሚቃጠለው ተረፈ ምርት ጭስና አመድ

ቀን፦ የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም

ለጫማ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ
አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በፋብሪካው ግቢ ውስጥ ቆሻሻ ማቃጠል እንዲቆምና አመዱ በአግባቡ እንዲነሳ ስለመጠየቅ

ከፋብሪካው ምዕራባዊ አጥር ጀርባ፣ በቤት ቁጥር 318 የምኖር ነዋሪ ነኝ። ቆሻሻው የሚቃጠልበት ጉድጓድ ከመጀመሪያዎቹ ቤቶች 60 ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። ስለዚሁ ጉዳይ በታኅሣሥ ወር ለጥበቃ ኃላፊው በቃል አመልክተን ነበር። ከዚያ በኋላ ማቃጠሉ አልቆመም፤ ከቀን ወደ ሌሊት ብቻ ዞረ። ምናልባት እኛን ላለማስቸገር ታስቦ ይሆናል፤ ነገር ግን ከበፊቱ የባሰ ሆኗል።

ምክንያቱ ይህ ነው። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛው አየርም ታች ተኝቶ ያድራል። ጭሱ ወደ ላይ መውጣት ስለማይችል በጣሪያ ከፍታ ተዘርግቶ ወደ ቤቶቹ ይገባል። በዚህ ወቅት ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ ስለሚመጣ የሚገፋው ወደ እኛ ነው። ቀን ቢቃጠል ይሻላል ማለቴ ግን አይደለም። የሚቃጠለው ነገር በየትኛውም ሰዓት በሜዳ ላይ መቃጠል የሌለበት ነው።

በዚህ ወር ብቻ የካቲት 4፣ 6፣ 11፣ 14 እና 18 ሌሊት ተቃጥሏል። እሳቱ የሚለኮሰው ከምሽቱ 4:30 ገደማ ሲሆን በአንድ ጊዜ ከ25 እስከ 30 ማዳበሪያ ቆሻሻ ይገባል። ነበልባሉ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ከዚያ በኋላ ግን ክምሩ ከውስጥ እየጤሰ እስከ ንጋት 12 ሰዓት ድረስ ያድራል። የካቲት 11 ሌሊት ክምሩ ላይ ውኃ ሲደፋበት ጭሱ ነጭና ወፍራም ሆኖ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከሰፈሩ አልለቀቀም። ያን ሌሊት መስኮት ዘግተው፣ በበር ሥር እርጥብ ጨርቅ ወትፈው ያደሩ ቤቶች ብዙ ናቸው። አስም ያለባቸው ሁለት ሕፃናትም ሌሊቱን ጤና ጣቢያ ተወስደዋል።

በማዳበሪያው ውስጥ ያለውን ከአጥሩ በላይ በዓይን ማየት ይቻላል፦ የቆዳ ቁርጥራጭ፣ የሰው ሠራሽ ቆዳና የፒቪሲ ሶል ትርፍራፊ፣ የስፖንጅ ገበር፣ ማስቲሽ የነካው ካርቶን፣ ባዶ የማስቲሽ ጣሳና ፌስታል። ፒቪሲ ሲቃጠል ጉሮሮና ዓይን የሚያቃጥል የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ይወጣዋል፤ እንዲህ በዝቅተኛ ሙቀት ሲጤስ ደግሞ ዳይኦክሲን የተባለው መርዝ ይፈጠራል። ስፖንጁ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሳያናይድ የተባሉ መርዛማ ጋዞች ይለቃል። እንዲህ ያለውን ቆሻሻ ለማቃጠል የተሠራ ምድጃ ጋዙን ቢያንስ ለ2 ሴኮንድ ከ850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይዞ ማቆየትና ጭሱን ማጣራት አለበት። ክፍት ጉድጓድ ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ናፍጣ ቢጨመርበትም ሆነ ጭስ ማውጫ ቢተከልበት ለውጥ የለውም።

ከጭሱ ይልቅ ብዙም ትኩረት ያልተሰጠው አመዱ ነው። ጠዋት ቆርቆሮ ላይ፣ የተሰጣ ልብስ ላይና ለፀሐይ የተዘረጋ በርበሬ ላይ ጥፍር የሚያህል ጥቁር ቅርፊት ወርዶ እናገኛለን። የእንጨት አመድ በጣት ሲነካ ዱቄት ይሆናል፤ ይህ ግን ቅባት እንዳለው ሁሉ ይለጠፋል፣ ሲታበስም ጥቁር መስመር ይተዋል። ከበርበሬ ላይ ለቅሞ መጨረስ ስለማይቻል በዚህ ወር ሁለት ቤቶች ያሰጡትን በሙሉ ደፍተዋል።

ጫማ የሚሠራበት ቆዳ በአብዛኛው በክሮም የለፋ ነው። በቆዳው ውስጥ እንዳለ ያ ክሮም ያን ያህል ጎጂ አይደለም፤ አየር እያገኘ ሲቃጠል ግን ከፊሉ ሄክሳቫለንት ክሮሚየም ወደሚባለው፣ ካንሰር ወደሚያመጣውና በውኃ ወደሚሟሟው ዓይነት ይለወጣል። ብዙዎቻችን የዝናብ ውኃ በአሸንዳ ወደ ሮቶ እናጠራቅማለን። የበልግ ዝናብ ደርሷል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያው ላይ ያለውን አመድ በሙሉ ወደ ሮቶው ያወርደዋል። በማግሥቱ ከጉድጓዱ የሚዛቀውም አመድ ደረቁን በጋሪ ወጥቶ ከአጥሩ ውጭ ባለው ቦይ ዳር ይደፋል። ቦዩ ደግሞ ወደ አቃቂ ወንዝ ነው የሚሄደው። አካፋ ይዘው ይህን የሚሠሩት ሠራተኞቻችሁ አፍና አፍንጫቸውን የሚሸፍኑት በፎጣ ብቻ መሆኑን ሳልጠቅስ አላልፍም።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው። ማቃጠሉ ሰዓት ሳይለይ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። ቆሻሻው ገና ከመቁረጫውና ከስፌት ክፍሉ ሲወጣ ይለይ፤ አንዴ ከተደባለቀ በኋላ የሚገዛውም የሚረከበውም አይገኝም። ንጹሕ ካርቶንና ፌስታል ለመልሶ መጠቀም የሚረከቡ አሉ። ተለቅ ያለው የቆዳ ቁርጥራጭ ቀበቶ፣ ቦርሳና የቁልፍ መያዣ ለሚሠሩ አነስተኛ ማኅበራት ይሆናል። ባዶ የማስቲሽ ጣሳ ክዳኑ ተገጥሞ፣ ፀሐይና እሳት በማይደርስበት መጋዘን ተቀምጦ ለአቅራቢው ይመለስ። የፒቪሲና የስፖንጅ ትርፍራፊ ግን ፈቃድ ላለው ቆሻሻ አንሺ መሰጠት አለበት፤ ወጪ እንዳለው እናውቃለን፣ አሁን ግን ያን ወጪ የምንከፍለው እኛ ነን።

በጉድጓዱና በቦዩ ዳር ያለው አመድ ከዝናቡ በፊት ይነሳ። እንዳይቦን በትንሹ ውኃ ተርከፍክፎ፣ በድርብ ማዳበሪያ ታስሮ፣ እንደ አደገኛ ቆሻሻ እንዲወገድ እንጠይቃለን። ጉድጓዱ ከጸዳ በኋላ በአፈር ይደፈን፤ ክፍት እስካለ ድረስ አንድ ሰው ክብሪት መጫሩ አይቀርም። በአጥሩ በኩል ያሉት የ14 ቤቶች ጣሪያ፣ አሸንዳና ሮቶም በፋብሪካው ወጪ ይታጠብልን።

ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ተደንግጓል። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረትም ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በበካዩ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ባለሥልጣኑ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት መክሰስ ይፈቀዳል። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ከእርስዎ ጋር ተነጋግረን ብንጨርስ እንመርጣለን። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ እንዲሰጡን፣ የሰፈሩ ተወካዮችም ጉድጓዱን ከእርስዎ ጋር ሆነው እንዲያዩት ቀን እንዲቆርጡልን እጠይቃለሁ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ለእኛ ይመቸናል።

በአምስቱም ቀን የተነሱ 27 ፎቶግራፎችና የየሌሊቱ የሰዓት መዝገብ ከዚህ ጋር ተያይዘዋል። የካቲት 6፣ 14 እና 18 ሌሊት በተቃጠለ ማግሥት ጠዋት ከጣሪያ የተሰበሰበ አመድ ቀኑ ተጽፎበት በሦስት ጠርሙስ ታሽጎ በእጄ ይገኛል፤ ፋብሪካው በራሱ ላቦራቶሪ ለማስመርመር ከፈለገ ከፊሉን ፈርሞ መውሰድ ይችላል። ስሜና ስልክ ቁጥሬ በተያያዘው የነዋሪዎች ፊርማ ዝርዝር ተራ ቁጥር 1 ላይ ሰፍሯል።

ከሰላምታ ጋር
የቤት ቁጥር 318 ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለክፍለ ከተማው አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት
ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት