ከእግር ወደ ላይ፦ የሸክም አነሳስ ሥልጠና የነጭ ሰሌዳ አኒሜሽን ዕቅድ

ለሠዓሊያችንና ለተራኪያችን፣ ጎንደር

ፊልሙ 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው። የሚያዩት በአዘዞ መጋዘን የሚሠሩ ጫኝና አውራጆች ናቸው። ከመተማ መንገድ የሚመጣውን ሰሊጥ ከመኪና አውርደው ይከምራሉ፤ አብዛኞቹ ፊልሙን የሚያዩት በስልክ፣ ሞተር እየጮኸ ነው። ስለዚህ ድምፁ ባይሰማ ሥዕሉ ብቻውን፣ ሥዕሉ ባይታይ ድምፁ ብቻውን ነገሩን ማስረዳት አለበት።

አንድ ነገር ላይ አልደራደርም። ሠዓሊ ሰው ሲስል ከጭንቅላት ይጀምራል፤ እጅ የለመደው ያንን ነው። እዚህ ግን ጭንቅላት መጨረሻ ይሳላል። ተመልካች ብዕሩን ይከተላል፤ ብዕሩ ከጭንቅላት ከጀመረ ዓይኑም ሐሳቡም ከላይ ይጀምራል፤ ነገ ሸክም ሲያነሳም ጎንበስ የሚለው ከላይ ነው። ወገብ የሚጎዳውም በዚህ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ የመሬት መስመር፣ ሸክሙ፣ ሁለቱ እግሮች፣ ጉልበት፣ ዳሌ፣ ጀርባ በአንድ ያልተቆረጠ መስመር፣ ክንድና መዳፍ፣ በመጨረሻ ጭንቅላት። የሥዕሉ ተራ የማንሳቱ ተራ ነው።

በበስተጀርባ የፋሲልን ግንብ እንሳል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ግንቡን እወደዋለሁ፤ ግን ብዕሩ ማማውን ሲስል ሰው ማማውን ያያል፣ እግሩ ያልፈዋል። በሰሌዳው ላይ ከሸክሙ፣ ከሰውየውና ከመንገዱ ሌላ ምንም አይኑር። ጥቁር መስመር፤ ቀይ ቀለም ለወገብ ቀስት ብቻ።

የትረካው ፍጥነት በደቂቃ 85 ቃል ነው። በሙከራው 110 ስናደርገው ግሦቹ ተዋጡ፤ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ትእዛዙን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ግሡ ከተዋጠ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። «እጠፉ»፣ «ተጠጉ»፣ «ተነሱ» የሚሉት ከተነገሩ በኋላ አንድ ሙሉ ሰከንድ ዝም በሉ። አነጋገሩ «እናንተ» ይሁን። «አንተ» ሲባል የአለቃ ቁጣ ይመስላል፤ በመጋዘኑ ሰሊጥ የሚያበጥሩትን ሴቶችም ያስቀራል።

መጀመሪያ ድምፁ ይቀረጽ፤ ሥዕሉ በድምፁ ልክ ይለካ። ብዕሩ እያንዳንዱን የአካል ክፍል ስሙ ከመጠራቱ ግማሽ ሰከንድ ቀድሞ ይጀምር፤ ግሡ ሲነገር ይጨርስ።

ትዕይንት 1 (25 ሰከንድ)። መሬት፣ ካርቶን፣ ከካርቶኑ እስከ መደርደሪያው የሚሄድ የነጠብጣብ መንገድ፣ በመንገዱ ላይ የወደቀ ገመድ። ሰው ገና አይሳል፤ ጥጉን የሚይዝ መዳፍ ብቻ በመጨረሻ ይምጣ።

«ከማንሳታችሁ በፊት ቁሙና እዩት። ምን ያህል ይከብዳል? የት ነው የሚያርፈው? መንገዱ ላይ የሚያደናቅፍ ነገር አለ? ጥጉን ይዛችሁ በትንሹ ዘንበል አድርጉት፤ ክብደቱን ራሱ ይነግራችኋል።»

ትዕይንት 2 (40 ሰከንድ)። ከላይ የተባለው የሥዕል ተራ ሙሉ በሙሉ እዚህ ይተገበራል።

«እግራችሁን በትከሻችሁ ስፋት ክፈቱ፤ አንዱ እግር በጥቂቱ ቀደም ይበል። ወደ ሸክሙ ተጠጉ። ጉልበታችሁን እጠፉ። ዳሌያችሁን ወደ ኋላ ግፉ፤ ጀርባችሁ አይጉበጥ። በሙሉ መዳፍ ያዙ። አሁን መሬቱን በእግራችሁ እየገፋችሁ ተነሱ።»

ሰውየው ሙሉ ቁጢጥ እንዳይል አደራ። ተረከዙ መሬት ሳይለቅ ጉልበቱ መካከለኛ መታጠፍ ይበቃዋል፤ ፈጽሞ ቁጢጥ ያለ ሰው ከባድ ነገር ይዞ ለመነሣት ይቸገራል።

ትዕይንት 3 (55 ሰከንድ)። የፊልሙ ልብ ይህ ነው፤ አትቸኩሉበት። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ የሁለቱም ካርቶን 20 ኪሎ ነው። በግራ ያለው ካርቶኑን ሆዱ ላይ አስጠግቶታል፤ በቀኝ ያለው ክንዱን ዘርግቷል። ከወገብ አከርካሪ እስከ ካርቶኑ መሃል የመጀመሪያው 25፣ የሁለተኛው 50 ሴንቲ ሜትር ነው። ጀርባን ቀጥ አድርገው የሚይዙት ጡንቻዎች ግን ከአከርካሪው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃሉ። የመፈንቅል ሕግ ነው፤ ጡንቻዎቹ የሚስቡትን በኪሎ በግምት ይህን ይሰጠናል፦

```
20 × 25 ÷ 5 = 100
20 × 50 ÷ 5 = 200
```

ይህ የራስን የላይኛ አካል ክብደት ሳይጨምር ነው። ስሌቱ ለእናንተ እንጂ ለሰሌዳው አይደለም። በሰሌዳው የሚታዩት ሁለት ቀይ ቀስቶች ናቸው፤ የቀኙ የግራውን እጥፍ ይረዝማል። ቅደም ተከተሉ፦ ግራው ሰው፣ ቀስቱ፣ ሁለት ሰከንድ ዝምታ፣ ቀኙ ሰው፣ ከዚያ ረጅሙ ቀስት በዝግታ።

«ይህ ካርቶን ሃያ ኪሎ ነው። ይህም ሃያ ኪሎ ነው። ሆዳችሁ አጠገብ ስትይዙት ወገባችሁ ይህን ያህል ይስባል። ክንዳችሁን ስትዘረጉ ግን እጥፉን ይስባል። ካርቶኑ አልከበደም፤ ራቀ እንጂ። ሸክሙን ወደ ሆዳችሁ አስጠጉት።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ሲነገር የቀኙ ሰው ይጠፋል፤ ግራው ብቻ ሰሌዳው ላይ ይቆያል። በየትኛውም ትዕይንት የተሳሳተው አቋም መጨረሻ ላይ ቆሞ እንዳይቀር። ሰው ይዞ የሚሄደው በመጨረሻ ያየውን ሥዕል ነው።

ትዕይንት 4 (25 ሰከንድ)። ከላይ የታየ ሥዕል፦ ሁለት የጫማ ዳና፣ ትከሻ፣ ሸክም። ከዚያ በትንንሽ እርምጃ የሚዞሩ አራት ዳናዎች።

«ሸክም ይዛችሁ ወገባችሁን አትጠምዝዙ። በእግራችሁ ዙሩ። አፍንጫችሁና የጫማችሁ ጫፍ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይመልከቱ።»

ትዕይንት 5 (35 ሰከንድ)። ይህን ለማስቀረት የጠየቀን ሰው አለ፤ አላስቀርም። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1967 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባወጣው ምክረ ሐሳብ ለአንድ አዋቂ ወንድ ያስቀመጠው ጣሪያ 55 ኪሎ ነው። ጉልበት ማጠፍ ኩንታልን ለአንድ ሰው ቀላል አያደርገውም። ይህን ሳንናገር አነሳስ ብቻ ብናስተምር፣ ወገቡ የተጎዳውን ሠራተኛ «በደንብ ስላላነሳህ ነው» ለሚለው ሰው መሣሪያ እንሰጣለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ቦታ ደኅንነትን ኃላፊነት በአሠሪው ላይም ይጥላል፤ የመጋዘኑ ባለቤትም ፊልሙን አብሮ ይመልከት።

የሥዕሉ ተራ፦ ጆንያው፣ ባለ ሁለት ጎማ የእጅ ጋሪ፣ ሁለት ሰዎች፣ በመጨረሻ ለሁለት የተከፈለ ጆንያ።

«ኩንታልን ብቻችሁን አታንሱ። ጋሪ ካለ በጋሪ ግፉት። ከሌለ ሰው ጥሩ፤ አንዱ ይቁጠር፣ ሁላችሁም በሦስት ተነሱ። ጆንያው ሲሞላ በግማሽ እንዲሞላ ጠይቁ።»

ትዕይንት 6 (20 ሰከንድ)። ማውረድ የማንሳት ግልባጭ ነው፤ የትዕይንት 2 ሥዕል ወደ ኋላ ይሂድ። አዲስ ሥዕል አያስፈልግም።

«ስታወርዱም ጉልበታችሁን እጠፉ። መጀመሪያ አንዱ ጥግ ይረፍ፤ ከዚያ ጣታችሁን አውጡ።»

ለሠዓሊያችን አንድ የሥራ ማሳሰቢያ፦ «ሆድ»፣ «ጉልበት»፣ «በእግር ዙሩ» የሚሉትን ጽሑፎች ከኮምፒውተር ፊደል አትውሰዱ። የኮምፒውተር ፊደል ጠርዙ ብቻ ስለሆነ ብዕሩ የ«ጉ»ን ዙሪያ እንደ ካርታ ድንበር ሲዞር ይውላል፤ የሚጽፍ እጅ አይመስልም። በእጅ ጽፋችሁ እያንዳንዱን ፊደል በአንድ መሃል መስመር አውጡት፤ መጀመሪያ እግሩ፣ ከዚያ ቅጥያው። በአንድ ትዕይንት ከሦስት ቃል አይብለጥ።

ቀረጻው ማክሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይጀመር፤ ከ2 ሰዓት በኋላ የባጃጅ ድምፅ ይገባብናል። ረቂቁ ዓርብ ሲደርስ ድምፁን ዘግተን ለአምስት ጫኞች በስልክ እናሳያለን። ምን እንደተረዱ አንጠይቅም፤ ባዶ ካርቶን መሬት ላይ አስቀምጠን አንሱልን እንላለን፤ ዓይናችን እግራቸው ላይ ይሁን። ከአምስቱ ሁለቱ እንኳ ከጀርባ ከጀመሩ ትዕይንት 2 እንደገና ይሳላል።