«እናቴ ወደ ቀፊራ ሄደ»፦ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ የተሰጠ እርማት

ውድ እህቴ፣

ከጅቡቲ መጥተሽ ድሬዳዋ ከከተምሽ ወዲህ በአማርኛ የጻፍሽው የመጀመሪያው ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የጻፍሽው እንዲህ ይላል፦

«ትናንት እናቴ ወደ ቀፊራ ሄደ እና የገዛው ቲማቲም ለእኔ ሰጠ።»

ሲታረም እንዲህ ይሆናል፦

«ትናንት እናቴ ወደ ቀፊራ ሄደችና የገዛችውን ቲማቲም ሰጠችኝ።»

ግሡን በየቦታው መጨረሻ ላይ ማስቀመጥሽ ትክክል ነው፤ ሁለት ነገሮች ላይ ብቻ ግን ላቁምሽ።

የመጀመሪያውና ዋናው ስሕተት የጾታ ስምምነት ነው። «ሄደ»፣ «ገዛ»፣ «ሰጠ» የሚሉት ሦስቱም ግሦች ለወንድ የቆሙ ናቸው። ይህ ስሕተት ከየት እንደመጣ የምገምተው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ግሥን በሦስተኛ መደብ ነጠላ ወንድ ስለሚያስቀምጥና አንቺም ከዚያው እንዳለ ስለቀዳሽው ነው። አፍ በፈታሽበት ሶማሊኛ ለወንድ «ተገይ»፣ ለሴት «ተግተይ» እንደምትዪው ሁሉ አማርኛም «ሄደ» እና «ሄደች» ብሎ ይለያል፤ ስለዚህ ልዩነቱ ለአንቺ እንግዳ አይደለም። ጉዳቱ የሚከፋው «የገዛው ቲማቲም» ላይ ነው፤ አንባቢው ቲማቲሙን የገዛው አባትሽ ወይም ወንድምሽ ነው ብሎ ይረዳልና። ለአክብሮት «እናቴ ሄዱ» ብለው የሚጽፉም አሉ፤ እናትን «አንቺ» ማለት በተለመደባት ድሬ ግን «ሄደች» የሚለው ፍቅርም አክብሮትም አለበት።

ሁለተኛው «ን» ነው። ተለይቶ የታወቀ ነገር ድርጊቱን ሲቀበል «ን» ይጨመርበታል፤ ካልተጨመረ ሰጪውና ተሰጪው ይምታታሉ። የሚጨመርበትን ቦታ ደግሞ ልብ በዪ፦ ቲማቲሙ ብቻውን ከሆነ «ቲማቲሙን በላሁ» እንላለን፤ ከፊቱ ገላጭ ሲመጣ ግን «ን» ወደ ገላጩ ይሄድና «ቀዩን ቲማቲም በላሁ»፣ «የገዛችውን ቲማቲም በላሁ» ይሆናል። ተለይቶ ያልታወቀ ከሆነ «ቲማቲም ገዛች» ማለት ይበቃል፤ «ን» አያስፈልገውም።

«ለእኔ ሰጠ» የሚለውን «ሰጠችኝ» ያደረግሁት ለአማርኛ ጆሮ ስለሚቀል ነው። «ለእኔ ሰጠች» ብትዪም ስሕተት ስለማይሆን አሁን አትጨነቂበት፤ «ሄዳ» የሚለውን አጻጻፍም ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ።

ለሚቀጥለው ሐሙስ ወንድምሽ ወደ ታይዋን ገበያ ሄዶ ስለገዛው ጫማና ጫማውን ለእናትሽ ስለመስጠቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊልኝ። ግሦቹን ከመዝገበ ቃላት ሳትቀጂ፣ ማን ምን እንዳደረገ ጮክ ብለሽ ከተናገርሽ በኋላ ወረቀት ላይ አስፍሪው።