ጉዳዩ፦ ስለ መመረቂያ ጽሑፌ ለመመካከር ቀጠሮ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣

ሐሙስ ወይም ዓርብ ከሰዓት 30 ደቂቃ ቢሰጡኝ ስለ ምዕራፍ አራት ላማክርዎ ፈልጌ ነበር። ቀድመው እንዲያዩት የሁለት ገጽ ማስታወሻ አያይዣለሁ።

ባጭሩ፣ 212 መጠይቆች ተሞልተው ተመልሰዋል። ምዕራፍ ሦስትም በሰጡኝ አስተያየት መሠረት ተስተካክሏል። ያስጨነቀኝ የክሮንባክ አልፋው ነው። የተነሳሽነት መለኪያው መጀመሪያ 0.58 ወጣ። ሳጣራ፣ በአሉታዊ መልክ የተጻፉትን ሁለት ጥያቄዎች ነጥባቸውን ሳልገለብጥ ነበር ያሰላሁት። ስገለብጠው 0.76 ሆነ፤ እፎይ አልኩ። የእርካታ መለኪያው ግን አሁንም 0.61 ላይ ነው። ጥያቄ 7ን ባወጣ ከ0.70 ያልፋል። ነገር ግን ጥያቄው የሐሳቡ እምብርት ስለሚመስለኝ ማውጣቱ ከብዶኛል። ምክርዎን በጣም የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ቀኖቹ ካልተመቹዎት እርስዎ በሚሉኝ ሰዓት እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የማስተርስ ተማሪዎ