የሲቲ ስካኑ በር

ከድንገተኛ ክፍል ስልክ ሲደወል እመቤት መጀመሪያ ያደረገችው ማሽኑን ማሞቅ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ሰው አልተነሳበትም። ጨረር የሚያመነጨው ቱቦ ለሰዓታት ከቀዘቀዘ በኋላ ሙሉ ጉልበት በአንዴ ከተጫነበት ውስጡ ያለው አኖድ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ እሱ ከተሰነጠቀ ደግሞ ምትኩ እስኪመጣ ድረስ የባሕር ዳርና የአካባቢው ሕመምተኛ ወረፋ ሌላ ቦታ ፍለጋ ይንከራተታል። ማሞቂያው ሦስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሲያልቅ ስትሬቸሩ በሩ ላይ ነበር።

የመጠየቂያው ወረቀት አጭር ነው። ይበልጣል፣ ወንድ፣ 27 ዓመት፣ ባጃጅ ተገልብጦበት፣ የንቃቱ መጠን በጂሲኤስ መለኪያ 11። የሚፈለገው ራስና አንገት ያለ መድኃኒት፣ ከዚያ ደረትና ሆድ በኮንትራስት፣ በምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ በሚታየው የመርፌ መድኃኒት። ኢንተርኑ ግን ገና ሲገባ፣ «ጂሲኤሱ አሁን ወደ ዘጠኝ ወርዷል» አለ።

ከኋላ ዘመዶቹ ተከትለው መጡ። እናቱ ነጠላዋን አደግድጋለች፤ አጎቱ አያ ወርቁ ጋቢ ለብሷል፤ ሁለት ጎረምሶችና ሚስቱ እናኑም አሉ። ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚናገሩት፤ ለነርሷም፣ ለዘበኛውም፣ ለግድግዳውም።

«ሲያወራ ነበር እኮ! የዘጌው መንገድ ላይ ተገልብጦ፣ ራሱ ተነስቶ ባጃጁን አቀና። ቤት ገብቶ ቡና ጠጣ። ራሴን አመመኝ ብሎ ጋደም አለ፣ ከዚያ አስመለሰው፣ ከዚያ ወዲያ ስንጠራው እንቢ አለን።»

እነሱ ይህን የሚሉት ለተስፋ ነው። ያን ያህል ካወራ ጉዳቱ ቀላል ነው ማለታቸው ነው። እመቤት ግን ይህን ታሪክ ስትሰማ እጇ ፈጠነ። ወድቆ የሚነሳ፣ ለሰዓታት ደኅና የሚመስል፣ ቀጥሎ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው ሰው ከራስ ቅሉ ሥር ደም እያጠራቀመ ሊሆን ይችላል።

«በሩን ልዝጋው፤ እዚሁ ወንበሩ ላይ ጠብቁ» አለቻቸው።

«ሲስተር፣ እባክሽ…»

ሲስተር አይደለችም፤ የምስል ባለሙያ ናት። ይህን ማስረዳት ከተወች ቆይታለች።

ወደ ማሽኑ አልጋ ያዛወሩት በአንሶላው ነው። ኢንተርኑ ራሱንና አንገቱን በሁለት እጁ ያዘ፤ የሚቆጥረውም እሱ ነው፤ ሌላ ሰው ከቆጠረ አንገት ይጣመማል። የአንገት ኮላሩ አይወልቅም፤ በምስሉ ላይ ብዙ አይረብሽም። የሚረብሸው ብረት ነው። ቀበቶው ወለቀ፣ ከኪሱ የባጃጅ ቁልፍና ሳንቲም ወጣ። ነርሷ ማተቡን ልትቆርጥ መቀስ ስታነሳ እመቤት እጇን ያዘቻት።

«ክሩ ምን ያደርጋል? መስቀሉን ብቻ ወደ ደረቱ አውርጂውና በፕላስተር ያዥው። ደረቱ ሲደርስ ደግሞ ወደ ላይ እንመልሰዋለን።»

ማተቡ ተቆርጦ በፌስታል ሲወጣ ያየች እናት ምን እንደምታስብ ለማወቅ ባሕር ዳር መወለድ አያስፈልግም።

ኮንሶሉ ላይ የአተኛኘቱን ምርጫ ሁለት ጊዜ አየችው፤ በጀርባ፣ ራስ ቀድሞ። እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ማሽኑ ቀኝና ግራን አገላብጦ እንዲጽፍለት ያደርጋል፤ ቀዶ ሐኪም ደግሞ የሚያምነው ፊደሉን ነው። ከዚያ የቀይ መብራቱን መስመር ከግንባሩ መሐል አስተካከለች።

የመጀመሪያው የማቀጃ ምስል ደኅና መጣ። ሁለተኛውን ልትጀምር ስትል ይበልጣል እግሩን አጥፎ ራሱን ወዘወዘ። ማሰሪያው ግንባሩ ላይ ሸርተት አለ። ራስ ለመነሳት ዐሥራ አራት ሰከንድ ይበቃል፤ በዚያች ጊዜ ከተንቀሳቀሰ ግን ምስሉ ድርብርብ ይሆናል፤ አጥንቱ ሳይሰበር የተሰበረ ይመስላል፣ ቀጭን ደም ደግሞ ይጠፋል። ደግሞ ማንሳት ጨረሩን እጥፍ ማድረግ ነው።

«ማደንዘዣ እንስጠው?» አለች ነርሷ።

ኢንተርኑ አመነታ። ንቃቱ ዘጠኝ የገባን ሰው አስተኝቶ ትንፋሹ ቢቆም፣ ቱቦ የሚያስገባው ሰው ፎቅ ላይ ነው። «አንድ ሰው ይያዘው» አለ።

ከጨረሩ ጋር ውሎ የሚያድር ሠራተኛ ሕመምተኛ አይይዝም፤ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ጥቂት የሆነው ለእነሱ በየቀኑ ይደመራል። የሚይዘው ዘመድ ነው፣ የእርሳስ ሽርጥ ለብሶ። እመቤት በሩን ከፈተችና አምስቱም በአንዴ ተነሡ።

«አንድ ሰው እፈልጋለሁ። ራሱን የሚይዝ፣ የማይደነግጥ።»

«እኔ» አለች እናኑ፤ ከሁሉም ቀድማ በሩ ላይ ደርሳለች። «ሚስቱ ነኝ። እኔን ሲሰማ ይረጋል።»

እመቤት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ ጠየቀቻት፤ ለማንኛዋም ሴት የምትጠይቀውን ጥያቄ። እናኑ መልስ አልሰጠችም። ዞር ብላ አማቷን አየችና መልሳ መሬት መሬት አየች።

ያ መልስ ይበቃል።

«ወንድ ይሻለኛል» አለች እመቤት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ጉልበት ያለው። አባቴ፣ እርስዎ ይምጡ።»

አያ ወርቁ ጋቢውን አውልቆ ሽርጡን ለበሰ። ክብደቱ አስደነገጠው። «ምንድን ነው ይሄ፣ ጥይት መከላከያ ነው?» አለ። የአንገቱን መከለያ አሰረችለት፣ ከማሽኑ ቀለበት ወደ ጎን አቆመችው፣ መዳፉን የልጁ ሁለት ጉንጭ ላይ እንዴት እንደሚያሳርፍ አሳየችው። ጣቱ ወደ ቀለበቱ ውስጥ እንዳይገባ ነገረችው። እሱም ጎንበስ ብሎ፣ «ይበልጣል፣ አያ ወርቁ ነኝ፤ ረጋ በል የኔ ጌታ» ማለት ጀመረ፤ ቀለበቱ ሲሽከረከርም አላቋረጠም።

ዐሥራ አራት ሰከንድ። ቀጥሎ አንገት።

ምስሉ ከታች ወደ ላይ መጣ። የጆሮው ቁመት ላይ ምንም። ትንሽ ከፍ ሲል ከቀኙ አጥንት ሥር ነጭ ታየ፤ ሁለት ፊቱ ያበጠ፣ እንደ ባቄላ ፍሬ፤ ጠርዙ ጥርት ያለ። ከአጥንቱ በታች ያለው ሽፋን ስለያዘው ነው እንዲህ ቅርጽ የሚያወጣው። ነጩ መሐል ጠቆር ያለ እድፍ መሰል ነገር አለ። እሱን እመቤት አልወደደችውም፤ ገና ያልረጋ ትኩስ ደም፣ ማለትም አሁንም እየደማ ነው። የአጥንቱን ምስል ከፈተች፤ ከጆሮው በላይ ቀጭን ስንጥቅ፣ የደም ሥሩ የሚያልፍበትን መስመር ቆርጦ ሄዷል።

ርዝመቱን 6 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱን 2.4፣ ከታች እስከ ላይ ያለውን 5 ለካች። ሦስቱን አባዝታ ለሁለት ከፈለችው፤ 36 ሚሊ ሊትር። ከ30 የሚበልጥ እንዲህ ያለ ደም፣ ሕመምተኛው የነቃም ቢሆን፣ የሚጠብቀው ቀዶ ጥገና ነው። የአንጎሉ መሐል መስመር 7 ሚሊ ሜትር ወደ ግራ ተገፍቷል። የአንገት አጥንቱ ደኅና ነው።

የተዘጋጀው ኮንትራስት በመርፌው ውስጥ ቆሟል። ነርሷ፣ «ሆዱን እንቀጥል?» አለች።

«ቆይ፣ ልደውል።»

ኮንትራስቱ ከራሱ ቀድሞ ያልተሰጠውም ለዚሁ ነው፤ እሱም ነጭ ነው፣ ደም እንዳለ ያስመስላል ወይም ያለውን ይሸፍናል።

ቀዶ ሐኪሙ በሁለተኛው ጥሪ አነሳ። እመቤት ያየችውን በቅደም ተከተል ነገረችው፤ ጎኑን፣ ልኩን፣ የመሐሉን መገፋት፣ ጥቁሩን እድፍ። ሪፖርት የሚጽፈው ሐኪም ነው፤ እንዲህ ያለውን አይቶ ሐኪም እስኪነጋ መጠበቅ ግን ሥራ አይደለም።

«ቀኝ ነው ያልሽኝ?»

«ቀኝ። ፊደሉ R ነው፣ ከቀኝ ጆሮው በላይም እብጠትና ጭረት አለ፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«ሆዱ በአልትራሳውንድ ታይቷል?»

ኢንተርኑ ከኋላዋ፣ «ታይቷል፣ ፈሳሽ የለም፣ ግፊቱም ደኅና ነው» አለ።

«ሆዱን ተዉት። ቀጥታ ወደ ላይ አምጡት።»

በዚህ መሐል መብራት ሄደ። ኮንሶሉ በባትሪው ቆመ፣ ቀለበቱ ግን ዝም አለ፤ አልጋውም ከነሰውየው ማሽኑ ውስጥ ቀረ። እመቤት ጄኔሬተሩን አልጠበቀችም። ከአልጋው ጫፍ ሥር ያለውን መልቀቂያ ጫነችና በእጇ ጎትታ አወጣችው። ምስሎቹ ቀድመው ተቀምጠዋል።

ስትሬቸሩ ሲወጣ ዘመዶቹ ከሕመምተኛው ይልቅ የእሷን ፊት ነበር የሚያዩት። ይህ የሥራው ክፉ ጎን ነው። ሐኪሙ ሳይናገር እሷ አትናገርም፤ ግማሽ ቃል ካወጣች ግማሹን እነሱ ይሞሉታል።

«ልጄ፣ ምን አየሽ?» አለች እናቲቱ።

«ምስሉን ለሐኪሙ ነግሬዋለሁ፣ እማማ። አሁን ወደ እሱ ነው የሚሄደው። እሱ ራሱ ያስረዳዎታል፣ ፊርማም ይጠይቃችኋል። አብራችሁ ውጡ።»

«ይተርፋል?»

«በቶሎ ነው ያመጣችሁት።»

ከዚህ በላይ አልጨመረችም።

ነርሷ ከደረጃው ተመለሰች። «ሁለት ዩኒት ደም ተጠይቋል። ምትክ የሚሰጥ ሁለት ሰው ቶሎ!»

እናኑ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ትከሻዋ መልሳ ክንዷን ገለጠች። «የኔን ውሰዱ።»

«አይሆንም» አለች እመቤት፤ ሳታስበው ነው የወጣት። ደም ከመስጠት በፊት እንደሚጠይቋት ታውቃለች፤ ግን እዚያ ሄዳ በአማቷ ፊት ልትዋሽ ትችላለች። «ወንዶቹ ይሂዱ። ሁለት ጎረምሳ ቆሞ…»

ጎረምሶቹ ነርሷን ተከትለው ሮጡ። አያ ወርቁ ሽርጡን ከነመከለያው እንደለበሰ ወደ ቀዶ ጥገናው ደረጃ ሊወጣ ሲል ዘበኛው መለሰው። እናኑም ከስትሬቸሩ ኋላ ሄደች።

እናቲቱ ግን በሩ ላይ ቀረች። ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ኮሪደሩ በርቷል።

«ሁለት ጊዜ ከለከልሻት» አለች።

እመቤት ሽርጡን መስቀያው ላይ እየሰቀለች ነበር። ከታጠፈ እርሳሱ ይሰነጠቃል፤ ቀጥ አድርጋ አስተካከለችው።

«ስለ ልጄ አንድ ቃል አልወጣሽም፤ ስለ እሷ ግን ነገርሽኝ።»

«እኔ ምንም አልነገርኩዎትም፣ እማማ።»

«እኔስ ምን ወጣኝ? ስንት ወሯ ነው?»

«እሷን ይጠይቋት።»

«በሩ ሥር ቆማ ነበር፣ ያ ነገር ሲዞር። አይነካባትም?»

«በሩ ውስጡ እርሳስ ነው፣ ግድግዳውም። ውጭ ለቆመ ሰው ምንም አይደርስበትም።»

እናቲቱ ራሷን ነቀነቀችና ደረጃውን ያዘች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች።

«እዚህ አካባቢ በዚህ ሰዓት ሻይ የሚሸጥ አለ? ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።»

«ከዋናው በር ፊት ለፊት ያለችው ሴትዮ ታድራለች። ዳቦም አላት።»

ስልኩ ጮኸ። ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ከፎቅ የወደቀ የቀን ሠራተኛ፣ አንገትና ወገብ። እመቤት አልጋውን በክሎሪን ጠርጋ አዲስ አንሶላ አነጠፈችና ማሽኑ ከመብራቱ መጥፋት በኋላ ራሱን ፈትሾ እስኪጨርስ መጠበቅ ጀመረች።