ለሙሽራዋ ስጦታ ፊታችሁን ልጠቀም?

ሰላም የዶርም ልጆች፣ እንዴት ናችሁልኝ? ዱባይና ዋሽንግተን ያላችሁት ለሰርጉ ስለማትደርሱ፣ ሁላችንንም ጣና ዳር ከሙሽራችን ጋር የቆምን አስመስዬ በፎቶሾፕ አንድ ፎቶ ላቀናብር አስቤያለሁ። ከምርቃታችን ፎቶ ላይ ፊታችሁን ብወስድ ትፈቅዱልኛላችሁ? መልካችሁን አልነካም፤ ልብሱ ግን የሀበሻ ቀሚስ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ሂጃብ የጀመራችሁ፣ ወይም የድሮውን ፎቶ የማትወዱት፣ ደስ የሚላችሁን ላኩልኝ። ታትሞ በፍሬም የሚሰጠው ለእሷ ነው፤ እኔ የትም አልለጥፈውም። እሷ ፌስቡክ ላይ ልታወጣው ትችላለች፣ ያንንም አስባችሁ መልሱልኝ። ያልተመቻት በውስጥ መስመር ትንገረኝ፣ ለምን አልልም። ዝም ያለችውን ፈቅዳለች ብዬ አላስገባም። ዓርብ ማተሚያ ቤት ስለሚገባ እስከ ሐሙስ ማታ ሐሳብ መቀየርም ይቻላል። ናፍቃችሁኛል።