ለእትዬ አልማዝ፣ ስለ ሰናይት

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ አልማዝ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ሰናይት ባለችበት ስለ እሷ ማውራት ስለከበደኝ ነው። 30 ዓመት በአዋላጅነት ከሴቶች ጋር የኖርሽ ነሽና ካንቺ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ሰናይት 47 ዓመቷን ይዛለች። ከፋሲካ ወዲህ የወር አበባዋ አንዳንዴ በሦስት ሳምንት ይመጣል፣ አንዳንዴ ሁለት ወር ይጠፋል። ሌሊት 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ጋቢውን ከላይዋ ትጥላለች፤ ፊቷና አንገቷ ይግላል፣ ትራሷ በላብ ይርሳል። ተነስታ መስኮቱን ትከፍታለች። ላቡ ሲደርቅ ደግሞ ይበርዳትና ያንኑ ጋቢ ትፈልጋለች። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም፤ ሳሎን ሄዳ መብራት ሳታበራ ትቀመጣለች።

ያደረግሁትን ልንገርሽና ተቆጪኝ። ብርዱ ሲገባ እየተነሳሁ መስኮቱን እዘጋ ነበር። አንድ ሌሊት «እኔ እየተቃጠልኩ አንተ ትዘጋብኛለህ?» ብላ ጮኸችብኝ። «ምን ሆነሻል? ድሮ እንዲህ አልነበርሽም» አልኳት። ዝም አለች። በማግስቱ ወጥ ቤት ስገባ ቢላዋውን መክተፊያው ላይ አስቀምጣ ታለቅሳለች፤ ሽንኩርቱ ገና አልተላጠም ነበር። «እኔም ራሴን አላውቃትም» አለችኝ። እኔ የምትቆጣው በእኔ ላይ መስሎኝ ስከፋ፣ እሷ በራሷ ደንግጣ ኖሯል።

መጀመሪያ ብቻዋን ሄዳ ያገኘችው ባለሙያ «የዕድሜ ነገር ነው፣ ትለምጂዋለሽ» ብሎ ሸኛት። ባለፈው ሳምንት ግን አብሬያት ወደ አንዲት የማህፀን ሐኪም ሄድን። ሰናይት ያለችበት ወደ ማረጥ የመሸጋገሪያ ጊዜ መሆኑን በትዕግሥት አስረዳችን። ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉት ሆርሞኖች በአንድ ቀን አይቋረጡም፤ ለዓመታት ከፍ ዝቅ ሲሉ የሰውነት ሙቀት፣ እንቅልፍና ስሜት አብረው ይናወጣሉ። አረጠች የሚባለው 12 ወር ሙሉ የወር አበባ ሳታይ ስትቀር ነው፤ እስከዚያ ማርገዝም እንደምትችል ነገረችን። የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራም አዘዘች፣ እነሱም ድካምና የስሜት መለዋወጥ ያመጣሉና። ሆርሞን ተክቶ ስለሚሰጠው ሕክምና ስንጠይቃት፣ የሰናይት እናት የጡት ካንሰር ስለነበረባቸው በጥንቃቄ ልታየው ቀጠሮ ሰጠችን።

ስለ ሰውነቷ እንግዲህ ገብቶኛል። የቸገረኝ አብሮ መዋል ማደሩ ነው። ሌሊት ስትነሳ ልከተላት ወይስ ልተዋት? አንድ ቀን ተከትያት ስሄድ «እባክህ ተወኝ» አለች። በሌላው ቀን ስተኛ ደግሞ «እኔ ብቻዬን ስቀመጥ አንተ ታንኮራፋለህ» ብላ አዘነች። ስትቆጣ ዝም ብል ኩርፊያ ይመስላታል፣ ብመልስ ክርክር ይሆናል። በዚያ ሰዓት አንዲት ሴት ከባሏ መስማት የምትፈልገው ቃል ምንድን ነው? ወይስ ቃል አያስፈልግም?

መስኮቱን አሁን አልዘጋም፤ ሹራብ ለብሼ እተኛለሁ፣ ጋቢያችንንም ለየብቻ አድርገናል። ጠዋት ልጆቹን የማሰናዳው እኔ ነኝ፤ እሷ ከንጋት በኋላ የምታገኛት ያቺ አንድ ሰዓት እንቅልፍ እንዳትቋረጥባት። የቀረው ቡናው ነው። ሐኪሟ ከሰዓት በኋላ ቡና እንድትቀንስ መክራታለች፤ ሰናይት ግን ከሥራ መልስ ከጎረቤቶቿ ጋር ከአቦል እስከ በረካ ካልተቀመጠች ቀኑ የዋለ አይመስላትም። የምትስቀው እዚያ ብቻ ስለሆነ «ተዪ» ማለት አልሆነልኝም። ጨዋታው ሳይቀር ስኒው የሚቀንስበትን መላ አንቺ ታውቂ ይሆናል።

ትልቋ ልጃችን 16 ዓመቷ ነው፤ «እማዬ ጠልታኛለች» ብላ ሰሞኑን ክፍሏን ዘግታ ትውላለች። ለእሷ ምን ያህል ልንገራት? እናቷ ራሷ ብትነግራት ይሻላል እላለሁ፣ ግን ሰናይት ታፍራለች። ሌላም የሚያስፈራኝ አለ። ሐኪሟ ሐዘኑ ከከበደ፣ በኑሮዋ ተስፋ የመቁረጥ ነገር ካየሁባት ሳልዘገይ እንዳመጣት አስጠንቅቃኛለች። ከተለመደው መከፋት በምን እለየዋለሁ?

እትዬ፣ ሥራ ስጀምር ቤትሽ ሳለሁ፣ በዚህ ዕድሜ ላይ ነበርሽ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በረንዳ ላይ ነጠላሽን አውልቀሽ ቁጭ ብለሽ ስንት ጊዜ አይቼሻለሁ። ሰላምታ ሰጥቼሽ አልፍ ነበር እንጂ «ምን ሆንሽ?» ብዬ ጠይቄሽ አላውቅም። ይቅርታ አድርጊልኝ። ያን ጊዜ ምን ይሰማሽ ነበር? ከእኛ ከቤተሰቦችሽ ምን ብናደርግልሽ ትወጂ ነበር? ከሐኪም ያላገኘሁት ይህን ነው።

እንደጻፍኩልሽ ዛሬ ማታ ለሰናይት እነግራታለሁ፤ ከጀርባዋ የተማከርን እንዳይመስላት። ለእኔ በጽሑፍ መልሽልኝ፣ ለእሷ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ደውዪላት። ስለ በሽታ አታንሺ፤ እሷ ከጀመረች ግን አድምጫት።

ወንድምሽ ግርማ